ከቨርና ፕሮፋይል ፎቶ እየተቆረጠ ያስቸገራችሁ እዚህ ጠይቁኝ

ጥያቄ፦ የሀበሻ ልብስ መሸጫ ፔጅ አለኝ፣ ፌስቡክ ከቨሩ ላይ ዳር የጻፍኩት ስልክ ቁጥር ኮምፒውተር ላይ ሙሉ ነው ሞባይል ላይ ግን መጨረሻው የለም፣ ምን ላርግ?

መልስ፦ እህቴ ፌስቡክ ያንኑ አንድ ምስል ኮምፒውተር ላይ በ820 በ312፣ ስልክ ላይ ደሞ በ640 በ360 ልክ ነው የሚያሳየው፣ ስልኩ ከቁመት ይጨምርና ከጎን ይበላል ማለት ነው። ስለዚህ ካንቫ ላይ 1640 በ720 አርገሽ ክፈቺና ከግራም ከቀኝም 180 ፒክስል፣ ከላይም ከታችም 48 ፒክስል ገባ ብለሽ መስመር አስምሪ። መሀል የሚቀርሽ 1280 በ624 ሁለቱም ላይ ይታያል፣ ስምና ቁጥር እዛ ውስጥ ይግባ፣ ዳር ዳሩን ጨርቁና ጥለቱ ይሙላው ቢቆረጥም ማንም አይጎዳም። ታች ጠርዝ ላይ ግን ቁጥር እንዳትጽፊ፣ ፕሮፋይል ፎቶሽ ይደረብበታል።

ጥያቄ፦ ይሄ ሁሉ ልኬት ለምን? ጥራቱ ከፍ ያለ ፎቶ ብትጭን አይቆረጥም እኮ።

መልስ፦ ብዥ ማለቱን ይቀንሳል፣ እሱ ላይ ልክ ነህ ወንድሜ። መቆረጡን ግን አይነካውም፣ ምክንያቱም የሚያስቆርጠው የጎኑና የቁመቱ ምጣኔ ነው፣ 6000 ፒክስል ስፋት ቢኖረውም ያው ከጎኑ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ እኔም ተቆርጦብኛል፣ ግን ቴሌግራም ላይ ነው፣ የምረቃ ፎቶዬን ሳደርግ የቆቡ ጫፍ ይጠፋል፣ ላሳንሰው ብልም እምቢ ይላል።

መልስ፦ ያንተ ሌላ ነው፣ እዛ የሚቆርጥህ ክቡ ነው። ካሬ ፎቶ ክብ ሲሆን አራቱ ጥጎች ይሄዳሉ፣ ከጠቅላላው ፎቶ አንድ አምስተኛ ገደማ ነው፣ የምረቃ ቆብ ደሞ ሹል ጫፎቹ ወደ ጥግ ስለሚዘረጉ ቀድመው ይጠፋሉ። 1000 በ1000 ባዶ ካሬ ክፈትና ፎቶህን አሳንሰህ መሀል አስቀምጥ፣ ከቆቡ እስከ ትከሻህ 700 በ700 ውስጥ ከገባ ክቡ አይነካውም። የቀረውን ዙሪያ በጀርባው ከለር ሙላው፣ ስቱዲዮ የተነሳኸው ከሆነ አይታወቅም፣ ጀርባህ ሰው የሞላበት ግቢ ከሆነ ግን መጋጠሚያው ይታያል፣ ያኔ ፎቶግራፈሩን ለፍሬም ሳይቆርጠው በፊት ያለውን ፋይል ጠይቀው፣ ብዙ ጊዜ ከላይ ትርፍ ቦታ አለው።

ጥያቄ፦ ዩቲዩብስ? የቻናሌ ስም ቲቪ ላይ ይታያል ስልክ ላይ ግማሹ የለም።

መልስ፦ የቻናሉን ከቨር 2560 በ1440 አርገሽ ነው የምትጭኚው፣ ሙሉውን የሚያሳየው ቲቪ ነው፣ ኮምፒውተር መሀሉን ቀጭን አርጎ ይወስዳል፣ ስልክ ላይ የሚተርፈው መሀል ያለው 1546 በ423 ነው። ስሙ እዛ ውስጥ ይሁን።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ግን እኔ እዛው መሀል ነው ያረኩት፣ የእህቴ ታብሌት ላይ የመጀመሪያው ፊደል አሁንም ተነክቷል።

መልስ፦ ፊደሉ መስመሩ ላይ ተጠግቶ ይሆን? ታብሌቱን በቁምም በጎንም አርገሽ ስክሪንሾት ላኪልኝና እንየው።