ካርታው ስድስት ነው ወይስ ዘጠኝ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ስልኬ ላይ ላይቭ ካዚኖ ገብቼ ባካራ ስጫወት ፕሌየር ላይ አስያዝኩ፤ ሦስት እና አራት ወጣ። ባንከር ስድስት እና አሥር አወጣ፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ስክሪኑ ግን ስድስቱን ዘጠኝ ብሎ ብሬን በላኝ። መክሰስ እችላለሁ?»

መልስ፦ ባካራ ላይ አሥር ዋጋው ዜሮ ነው። ካርታው ስድስት ከነበረ ባንከር 6 ይሆናል። እርስዎ በ7፣ ባንከርም በ6 ሦስተኛ ካርታ አይወስዱም፤ ስለዚህ አሸንፈዋል። ዘጠኝ ከነበረ ግን ተሸንፈዋል። ጠቡ ያለው እዚያች አንዲት ካርታ ላይ ነው።

ስክሪኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ከእርስዎ ስልክ ቪዲዮ የተነበበ አይደለም። ጨዋታው በሚቀረጽበት ስቱዲዮ ውስጥ ካርታው ከሳጥኑ ሲወጣ ባርኮዱን ሴንሰር ያነበዋል፤ ሌላ ቦታ ደግሞ ካሜራ የካርታውን ፊት ያነባል። ለእርስዎ የሚደርሰው ምስል ግን ተጨምቆ፣ ሰከንዶች ዘግይቶ ነው። ኔትወርክ ሲደክም ጥራቱ ይወርዳል። የተገለበጠ ስድስት ደግሞ ጥጉ ላይ ዘጠኝ ይመስላል፤ ዘጠኝም ስድስት ይመስላል። ስለዚህ የጥጉን ቁጥር አይመኑ፤ መሐል ያሉትን ምልክቶች ይቁጠሩ። ስድስት በሁለት ረድፍ ሦስት ሦስት ነው፤ ዘጠኝ ግን በሁለት ረድፍ አራት አራት ሆኖ መሐሉ ላይ አንድ ተጨማሪ አለው። ካርታ አዳይዋ ጮክ ብላ የተናገረችውንም ያዳምጡ። ማሽኑ ቢሳሳት እንኳ እሷ የምታየው ካርታውን ነው።

እርስዎ ማረጋገጥ የሚችሉት ይህን ያህል ነው፤ የሚታየው ካርታ ከተጻፈው ቁጥር ጋር መመሳሰሉን። ሳጥኑ ውስጥ ምን ካርታ እንደገባና በትክክል መበወዙን አያዩም። የሴንሰሩ መዝገብም በካዚኖው ሰዎች እጅ ነው። ካርታ አዳይዋን ቻት ላይ ስምዎን እንድትጠራ ቢጠይቋትና ብትጠራ፣ ምስሉ ቀጥታ መሆኑን እንጂ ጨዋታው ንጹሕ መሆኑን አያሳይም።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2001 ግዴታ እንዲፈጸምለት የሚጠይቅ ሰው ግዴታው መኖሩን ማስረዳት አለበት። ማስረጃውን የሚያቀርቡት እርስዎ ነዎት ማለት ነው። «አይቻለሁ» ብቻውን ደካማ ነው። ዛሬውኑ የጨዋታ ታሪክ ውስጥ ገብተው የዙሩን መለያ ቁጥር፣ የጠረጴዛውን ስም፣ ሰዓቱንና ያስያዙትን ገንዘብ ስክሪንሾት ያድርጉ። ብሩ የወጣበትን የባንክ ወይም የቴሌብር መልእክት አያጥፉ። ከዚያ ለድርጅቱ በኢሜይል ያንን የዙር ቁጥር ጠቅሰው ቪዲዮው እንዲታይ ይጠይቁ። ስቱዲዮ ቅጂውን ለዘላለም አያስቀምጥም፣ አይዘግዩ። ብዙ ጊዜ በድርጅቱ ደንብ ላይ «ስሕተት ካለ ዙሩ ይሰረዛል» የሚል አንቀጽ አለ። እንዲህ ከሆነ የሚመለስልዎ ያስያዙት ብር እንጂ የአሸናፊነቱ ክፍያ ላይሆን ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ፈቃዱ ነው። ድርጅቱ በኢትዮጵያ ፈቃድ ከሌለው ውሉ ሕገ ወጥ ነው ተብሎ በቁጥር 1716 ውጤት ሊያጣ ይችላል። አድራሻው ውጭ አገር ከሆነ ደግሞ እዚህ ቢፈረድልዎትም ፍርዱን የሚያስፈጽሙበት ንብረት ላያገኙ ይችላሉ። ስለዚህ የዳኝነት ከፍለው ክስ ከመክፈትዎ በፊት፣ የድርጅቱን ስም ይዘው ፈቃድ እንዳለው ብሔራዊ ሎተሪን ይጠይቁ። ፈቃድ ካለው አቤቱታዎን ከነስክሪንሾቱ ለዚያው ለፈቃድ ሰጪው ያስገቡ። ከሌለው ክስ መክፈቱን አልመክርዎትም፤ ለዳኝነት የሚከፍሉት ብር ተጨማሪ ኪሳራ ሊሆንብዎት ይችላል።