የአርብ መለቀቂያ ሰዓት፦ ለወጣት መምህራን

ውድ ወጣት መምህራን፣

ዕድሜዬን በሰሜን ሸዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሳስተምር አሳልፌ ጡረታ ወጥቻለሁ። ዘንድሮ ለተመደባችሁት የምጽፈው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስለ አርብ መለቀቂያ ሰዓት።

ከገጠር መጥተው ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች አርብ አርብ ስንቅ ለማምጣት ወደ ወላጆቻቸው ይሄዳሉ። የከሰዓት ፈረቃ 11፡30 ላይ ከተለቀቀ ሊመሽ የቀረው ትንሽ ነው። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር በሚያወጣው ዳገት የጭነት መኪና ያዘግማል፤ አንዱ ከኋላ ሲንጠለጠል ሌሎቹ ይከተሉታል። ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ እንመክራቸዋለን፤ አደጋውን ግን እነሱም ያውቁታል። የ16 ዓመት ልጅ ብቻውን ሆኖ ረጋ ብሎ ሲያስብ ማመዛዘኑ ከአዋቂ ብዙም አያንስም።

ጓደኞቹ ሲያዩት ነው ነገሩ የሚለወጠው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት ታዳጊዎችንና አዋቂዎችን በኮምፒውተር የመኪና ጨዋታ አጫወቷቸው። ለብቻቸው ሲጫወቱ ብዙ ልዩነት አልነበረም። ጓደኞቻቸው አጠገባቸው ሲሆኑ ግን የታዳጊዎቹ ድፍረት ወደ እጥፍ ተጠጋ፤ 24 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑት እንደነበሩ ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሌላ ጥናት አንጎላቸውን በምስል ሲያይ፣ ጓደኛ እየተመለከታቸው ሽልማትን የሚያሳድደው ክፍል በታዳጊዎቹ ላይ ይበልጥ ሲነቃቃ አገኘ። ልጓም የሚይዘው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ደግሞ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ እየበሰለ ይሄዳል። ከእናንተም ብዙዎቻችሁ ገና እዚያ ዕድሜ ላይ ናችሁ።

ስለዚህ ምክሩን ከማብዛት ሰዓቱን ለውጡ። አርብ ስድስቱን ክፍለ ጊዜያት በ10 በ10 ደቂቃ ብታሳጥሩ አንድ ሙሉ ሰዓት ታተርፋላችሁ፤ ከሰኞ እስከ ሐሙስ በየቀኑ 15 ደቂቃ ጨምራችሁ ትመልሱታላችሁ። ልጆቹ ገና በብርሃን በእግራቸው ወይም በሚኒባስ ይደርሳሉ። ረቡዕ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ተማሪ በወረቀት፣ ለብቻው፣ አርብ በምን እንደሚሄድና የት እንደሚሳፈር ይጻፍ። በዕለቱ በር ላይ ቆመው ሲመካከሩ የሚወስኑት ሌላ ውሳኔ ነው። አለቃቀቁም በየመንገዳቸው ይሁን፤ በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱት በትንንሽ ቡድን፣ ጥቂት ደቂቃ እየተለያዩ ይውጡ።

ይህ ሁሉንም ልጅ አይመልስም። ጥናቶቹ የተደረጉት አሜሪካ ውስጥ በጨዋታ ላይ ነው፤ የሚናገሩትም ስለ አማካይ ልጅ ነው። ለሚኒባስ ገንዘብ የሌለው ልጅ ቀድሞ ቢለቀቅም ወደ ጭነት መኪናው ማየቱ አይቀርም፤ ለእሱ የሚሆን ገንዘብ ከወላጅ መምህር ኅብረት መፈለግ አለበት። መሥራት አለመሥራቱን ለማወቅ ከለውጡ በፊትም በኋላም በተከታታይ ሁለት አርብ ዳገቱ ሥር ቆማችሁ የሚንጠለጠሉትን ቁጠሩ። ቀድመው ወጥተው መንገድ ዳር ተሰብስበው የሚጠብቁ ካሉ፣ ሰዓቱ ተለውጦ ስብስቡ እንዳልተበተነ እወቁ፤ የቡድን አወጣጡን ከዚያ ጀምራችሁ አስተካክሉ።