በመጨረሻው ወር ስንት ሰው ሞተ? የካፕላን ማየር ግራፍ ጥያቄና መልስ

ሥራዬ የሕክምና ጥናቶችን መረጃ መተንተን ነው። የካፕላን ማየር ግራፍ በሕይወት ያሉት ወይም በሽታቸው ያልተባባሰ ታካሚዎች በየጊዜው ስንት በመቶ እንደሆኑ በሚወርድ መስመር ያሳያል። ስለ ግራፎቹ የመጡልኝን ጥያቄዎች በየተራ ልመልስ።

የሕክምና ተማሪ፦ መስመሩ 30ኛው ወር ላይ በአንዴ ቁልቁል ወረደ። ያኔ ብዙ ሰው ሞተ ማለት ነው?

አንድ ሰው ብቻ ሊሆን ይችላል። ከሥዕሉ ሥር ያለውን የቁጥር ረድፍ እይ፤ በየጊዜው ገና ክትትል ላይ ያሉት ስንት እንደሆኑ እሱ ይነግርሃል።

በምሳሌ እንየው። 200 ታካሚዎች ጀመሩ እንበል። በመጀመሪያው ሳምንት አንዱ ቢሞት መስመሩ ከ100 ወደ 99.5 በመቶ ይወርዳል፤ በዓይን እንኳ አይታይም። 30ኛው ወር ላይ ግን መስመሩ 40 በመቶ ላይ ሆኖ ክትትል ላይ የቀሩት 4 ብቻ ናቸው። አንዱ ሲሞት ከአራቱ ሦስቱ ቀሩ፤ ስለዚህ 40 በሦስት አራተኛ ተባዝቶ 30 ይሆናል። ያው አንድ ሞት አሁን አሥር ነጥብ ያወርዳል። ክትትል ላይ የቀረው የመጨረሻው ሰው ቢሞት ደግሞ መስመሩ ዜሮ ይነካል፤ ክትትላቸው ቀድሞ ያበቃ ብዙ ሰዎች በሕይወት እያሉ ማለት ነው። እኔ የቁጥር ረድፉ ከአሥር በታች ከወረደበት በስተቀኝ ያለውን እምብዛም አላምንም።

ነርስ፦ መስመሩ ላይ ያሉት ትናንሽ ጭረቶች የሞቱት ናቸው አይደል?

አይደሉም። ሞት ሲኖር መስመሩ ይወርዳል። ጭረቱ እስከዚያ ቀን በሕይወት የነበረና ከዚያ ወዲህ መረጃው የሌለን ሰው ነው። ስሌቱ እነዚህን ሰዎች እንደቀሩት ይቆጥራቸዋል። ሕመም ስለባሰባቸው ያቋረጡ ከሆኑ ግን መስመሩ ከእውነቱ በላይ ያማረ ይሆናል። ጭረቶቹ በአንዱ ቡድን ላይ ገና ከጅምሩ ከተጨናነቁ፣ ለምን እንዳቋረጡ ጽሑፉ ውስጥ ፈልጊ።

አንድ ሐኪም፦ እኔ በመስመሮቹ ዙሪያ ያለው ጥላ ከተደራረበ ልዩነት የለም ብዬ አልፋለሁ።

ግማሹ ልክ ነው። ጥላዎቹ ጨርሶ ካልተነካኩ በዚያ ጊዜ ላይ ልዩነት መኖሩ አያጠራጥርም ማለት ይቻላል። ግልባጩ ግን አይሠራም። 24ኛው ወር ላይ አንዱ ቡድን 50 በመቶ፣ ጥላው የሚያሳየው ኮንፊደንስ ኢንተርቫል፣ ማለትም እውነተኛው ቁጥር ሊገኝበት የሚችለው ክልል፣ ከ42 እስከ 58 ነው እንበል። ሌላው 62 በመቶ፣ ከ54 እስከ 70። ጥላዎቹ ከ54 እስከ 58 ተደራርበዋል። ሁለቱም ጥላዎች ከመስመራቸው ወደ ላይና ወደ ታች ስምንት ስምንት ነጥብ ይርቃሉ። የልዩነቱን ኢንተርቫል ለማግኘት ሁለቱ ስምንቶች ዝም ብለው አይደመሩም። እያንዳንዱን በራሱ አባዝተህ ትደምርና ስኩዌር ሩቱን ትወስዳለህ፤ 11.3 ገደማ ይመጣል። ልዩነቱ 12 ስለሆነ ኢንተርቫሉ ከ0.7 እስከ 23.3 ነው። ለጥቂት ቢሆንም ዜሮን አልያዘም። እርስዎ ግን አልፈውታል።

እናቷን የምታስታምም፦ ጽሑፉ ላይ የእናቴ መድኃኒት ሚዲያን 14 ወር ይላል። ከጀመረች 10 ወር ሆናት። አራት ወር ቀራት ማለት ነው?

አይደለም እህቴ። ሚዲያን መስመሩ ወደ 50 በመቶ የሚወርድበት ጊዜ ነው። መጀመሪያ በቋሚው መስመር ላይ የተጻፈውን አንብቢ። ብዙ ጊዜ የሚለካው ሞት ሳይሆን በሽታው እስኪባባስ ያለው ጊዜ ነው። ሞት ቢሆንም እንኳ 14 ወር ሁሉም ሲጀምሩ የተቆጠረ ነው። እናትሽ 10 ወር አልፋለች፤ ስለዚህ ካለፉት ጋር ነው የምትታየው። 10ኛው ወር ላይ መስመሩ 60 በመቶ ከሆነ ግማሹ 30 ነው። ጣትሽን 30 በመቶ ላይ አድርገሽ መስመሩን እስክትነኪ ወደ ቀኝ ሂጂ፤ ከዚያ ወደ ታች ውረጂ። 24ኛው ወር ላይ ካረፍሽ፣ እዚህ ከደረሱት ግማሾቹ ገና ከ14 ወር በላይ ነበራቸው ማለት ነው። ይህም የብዙ ሰዎች ቁጥር ነው። የእናትሽን ሁኔታ የሚያውቀው ሐኪሟ ነው፤ ግራፉን ይዘሽ ጠይቂው።

የፋርማሲ ባለሙያ፦ አይፓስ በተባለው ጥናት ላይ ሃዛርድ ሬሾው 0.74፣ ኢንተርቫሉ ከ0.65 እስከ 0.85 ነው። 1ን አልነካም። ታዲያ ጌፊቲኒብ የተባለው መድኃኒት ከኬሞቴራፒው ለሁሉም ይሻላል አይደል?

ሃዛርድ ሬሾ በሁለቱ ቡድኖች በሽታው የመባባሱን አደጋ ያነጻጽራል፤ እዚህ ከ1 ካነሰ በጌፊቲኒብ ቡድን አደጋው ያነሰ ነው ማለት ነው። ቁጥሩን በትክክል አንብበሃል፤ ግራፉን ግን ዘለልከው። በ2009 በወጣው በዚያ የሳንባ ካንሰር ጥናት መስመሮቹ 6ኛው ወር ገደማ ላይ እርስ በርስ ይተላለፋሉ። መጀመሪያ ኬሞቴራፒው ከላይ ነበር፤ ኋላ ጌፊቲኒብ በለጠ። በሽታው እስኪባባስ ያለው ሚዲያን 5.7 እና 5.8 ወር ነው፤ እኩል ማለት ይቻላል። ምክንያቱ ሁለት ዓይነት ታካሚዎች መቀላቀላቸው ነው። ካንሰራቸው ኢጂኤፍአር በተባለው ጂን ላይ ሚውቴሽን ባላቸው ላይ ሬሾው 0.48፣ በሌላቸው ላይ 2.85 ነበር። ለሁለተኛዎቹ መድኃኒቱ ከኬሞቴራፒው የከፋ ነው። 0.74 ግን አንዳቸውንም አይገልጽም።

ሌላ የስታቲስቲክስ ባለሙያ፦ እንዲያ ከሆነ መስመሮች እርስ በርስ ሲተላለፉ ሃዛርድ ሬሾ ጭራሽ መጻፍ የለበትም። በመስመሩ ሥር ያለው ስፋት ይበቃል።

እዚህ ላይ አንስማማም። ስፋቱን እኔም እወደዋለሁ፤ አማካይ ጊዜን በወር ስለሚናገር ለታካሚ ይገባል። ግን እስከ ስንተኛው ወር ነው የምንለካው? እዚያ ጥናት ላይ 6ኛው ወር ላይ ብትቆም ኬሞቴራፒው ያሸንፋል፤ ወደ 18 ብትሄድ ጌፊቲኒብ። ማቆሚያውን ውጤቱ ሳይታይ ማን ይወስን?