ለጣሪያ ማደሻ የሚጻፍ ጥሪ

ጥያቄ፦ «ሰላም ለሁላችሁ። የሰፈር በጎ አድራጎት ማኅበር አለን፤ ክረምት ሳይገባ የአረጋውያንን ቤት እናድሳለን። የምንጽፈው ጥሪ ሁሌ የሚያስለቅስ ነው። ባለፈው አንዲት እናት ‹አዋረዳችሁኝ› አሉን። ለስለስ ካደረግነው ደግሞ ብር አይገባም ብለን ፈራን። ምን ትመክሩናላችሁ?»

እኛም ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ እንጦጦ ግርጌ ባለው ሰፈር ይህንኑ ሥራ እንሠራለን። አንድ ጥሪ ከነለውጡ ላሳያችሁ።

አንዱ ወጣት ጽፎ ያመጣው ረቂቅ እንዲህ ይላል፦ «ጧሪ ቀባሪ የሌላቸው እኚህ ምስኪን እናት ዝናብ ሲደበድባቸው እያደረ፣ እርስዎ በሞቀ አልጋዎ እንዴት እንቅልፍ ይወስድዎታል? ሳይሞቱ እንድረስላቸው!» ከሥሩ እማማ በነጠላቸው ጫፍ ዕንባቸውን ሲጠርጉ የተነሳ ፎቶ አለ።

እስቲ ልብ በሉ። ቤቱ ምን ሆነ? ምን ያህል ቆርቆሮ ይፈልጋል? እሳቸው በምን ይተዳደራሉ? አንዱም አልተጻፈም። የሚያስለቅስ ጥሪ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ሳይጠየቅ የቀረውን ነገር በዕንባ ይሸፍነዋል። ስለዚህ ቃላቱን በማለስለስ አትጀምሩ። ሄዳችሁ ጠይቁ።

ልጁን መልሰን ላክነው። ሦስት ነገር ብቻ ጠይቅ አልነው፦ ምን እየሠሩ ይኖራሉ፣ ዝናቡ የሚያበላሽባቸው ምንድን ነው፣ እስካሁን ምን ሞክረዋል? ይዞት የመጣው መልስ ጥሪውን ገለበጠው። እማማ ጥጥ ይፈትላሉ፤ ፈትሉን ለሸማኔዎች ያስረክባሉ። ጣሪያው የሚያፈሰው ባዘቶውን በሚያስቀምጡበት ጥግ በኩል ነው፤ የረጠበ ባዘቶ ደግሞ አይፈተልም፣ ሥራ ይቆማል። ላስቲክ አልብሰውት ነበር፤ ነፋስ ወሰደው። ቤቱ የቀበሌ ስለሆነ የማደሻውን ፈቃድ ወረዳ ተመላልሰው ያስጨረሱት ራሳቸው ናቸው። እና «ጧሪ የሌላቸው» የተባሉት ሴት ሐዋሳ የሚሠራ ልጅ አላቸው። ሲያገኝ ይልካል።

አዲሱ ጥሪ እንዲህ ሆነ፦ «እማማ ጥጥ ፈትለው ነው የሚተዳደሩት። የቤታቸው ቆርቆሮ ዝጓል፤ ክረምት ሲገባ ባዘቶው እየረጠበ ሥራቸው ይቆማል። የወረዳውን ፈቃድ ይዘዋል። ዕድሮቻቸው ጉልበት ይሰጣሉ። የጎደለው 14 ቆርቆሮ፣ ሚስማርና ሁለት ወራጅ እንጨት ነው። ከሰኔ በፊት ማልበስ እንፈልጋለን።» ዋጋውን ለብቻው ዘርዝረን ከሥሩ አስቀመጥን።

ችግሩ አልተደበቀም፣ ቀኑም ያጣድፋል። የወጣው አንባቢውን በእንቅልፉ የሚወቅሰው ነገር ነው።

ከዚያ ረቂቁን ለእሳቸው ጮክ ብሎ ማንበብ ይቀራል። ይህን እርምጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከሁሉም አስበልጠዋለሁ። ስለ ልጃቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ገብቶ ነበር። «ልጄ ያነበዋል፤ አልበቃ አልኳት ብሎ ያዝናል፤ አውጡልኝ» አሉ። ወጣ። ፎቶውንም እምቢ ብለው፣ እንዝርት የያዘ እጃቸውና የዛገው ጣሪያ እንዲታይ ፈቀዱ። ፈቃድ ስትጠይቁም «እምቢ ቢሉም ቆርቆሮው አይቀርብዎትም» ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ካልሆነ ፈቃድ የሚባለው ነገር ፈቃድ አይደለም፤ የሚረዳውን ሰው ፊት ለፊት እምቢ የሚል ማን አለ?

ወደ ሌላው ጫፍም አትሂዱ። የእኛው ልጅ «ጀግናዋ እናት፣ የጽናት ተምሳሌት» ብሎ ሊጨምር ፈልጎ ነበር። እማማ ጀግና አይደሉም፤ ጥጥ ፈታይ ናቸው፣ ጣሪያቸው ያፈሳል።

ስለ ብሩ ያላችሁ ፍርሃት መሠረት አለው። ጥቅምት 1977 ቢቢሲ ከቆረም ያሳየው ረሃብ ዓለምን አንቀሳቅሷል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ግን ያን ጊዜ የተለመደው አቀራረብ አገራችንን በምን መልክ እንዳስቀረ እናንተም ታውቃላችሁ። የአውሮፓ የዕርዳታ ድርጅቶችም በፈረንጆች 1989 ስለ ፎቶና መልእክት የሥነ ምግባር ደንብ ለራሳቸው አውጥተዋል። በእኛ ሰፈር ያየሁት ይህ ነው፦ ፎቶውን አይቶ ወዲያው ትንሽ የሚልከው ሰው ይቀንሳል። በምትኩ የሚደውል ሰው ይመጣል። «ቆርቆሮው ስንት ጌጅ ነው? ሚስማሩን እኔ ልቻል?» ይላል። ለአጣዳፊ ሕክምና ቢሆን ይህ አካሄድ ሊዘገይ ይችላል፤ ለጣሪያ ግን በጊዜ ከጀመራችሁ ያደርሳል።

«አዋረዳችሁኝ» ያሏችሁን እናት በተመለከተ፣ ዛሬውኑ ጥሪውንና ፎቶውን አውርዱ፤ ያጋሩትንም እንዲያወርዱ ለምኗቸው። ከዚያ በዕድሜ ጠና ያለ ሰው ይዛችሁ ቤታቸው ሂዱ። አዲስ ጽሑፍ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። በእሳቸው ስም የገባው ብር ስንት እንደሆነና ምን ላይ እንደዋለ በወረቀት አሳዩአቸው። ሌላ ጥሪ ይውጣ ወይ የሚለውን እሳቸው ይወስኑ።