ጥያቄና መልስ፦ ለሕይወት ምቹ ቀጠና ውስጥ ያለች ፕላኔት ሁሉ ሕይወት አላት?

ሰላም ለሁላችሁም። ዛሬ ማታ እስከ አራት ሰዓት አለሁ። ከፀሐይ ሥርዓታችን ውጭ ስላሉት ፕላኔቶች ጠይቁኝ። እኔ በብዛት የምከታተለው ከባቢ አየራቸውን ስለሆነ እዚያ ላይ ሳልረዝም አልቀርም። ሌላው ላይ ካሳጠርኩ ቅር እንዳትሰኙ።

ተማሪ፣ ከባሕር ዳር፦ ጋሼ፣ «ለሕይወት ምቹ ቀጠና» ማለት ሕይወት የሚኖርበት ቦታ ማለት አይደል? ታዲያ እዚያ የተገኘች ፕላኔት ላይ ሕይወት አለ የማይባለው ለምንድን ነው?

ስሙ ነው ያሳሳተህ። ቀጠናው ርቀት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ኮከቡ ምን ያህል ያበራል? ፕላኔቷ ምን ያህል ርቃ ትዞረዋለች? ከእነዚህ ሁለቱ ተነስቶ እንዲህ ይባላል፦ በዚህ ርቀት ላይ ተስማሚ ከባቢ አየር ያላት ድንጋያማ ፕላኔት ብትኖር፣ ገጿ ላይ ውሃ ሳይተንና በረዶ ሳይሆን ሊቆይ ይችላል።

«ብትኖር» የምትለውን ቃል ያዝልኝ። ሒሳቡ ከባቢ አየሩ እንዳለ አድርጎ ነው የሚነሳው። መኖሩን ያየ ሰው የለም። ጨረቃችንን ተመልከት። ከፀሐይ ያላት ርቀት ከምድር ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቀጠናው ውስጥ ናት። ግን ይህ ነው የሚባል አየር የላትም። ቀን ከ100 ዲግሪ በላይ ትግላለች፣ ሌሊት ከዜሮ በታች ከ100 ዲግሪ በላይ ትወርዳለች። ርቀቱ ያው ነው፣ ዕጣው ግን ሌላ።

የፊዚክስ መምህር፣ ከጎንደር፦ ቬነስ ግን ለፀሐይ ስለቀረበች ነው የተቃጠለችው። እዚያ ላይ እንኳ ርቀት ወሳኝ አይመስልዎትም?

ግማሹን ልክ ነዎት መምህር። ቬነስ ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ብርሃን ምድር ላይ ከሚያርፈው ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። ነገር ግን ደመናዋ ከዚያ ውስጥ ሦስት አራተኛውን መልሶ ወደ ሕዋ ይበትነዋል። ስለዚህ ዛሬ ቬነስ ወደ ውስጥ የምታስገባው ሙቀት ከምድር ያነሰ ነው። እንዲያም ሆኖ ገጿ 465 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህን የሚያደርገው ወፍራሙ የካርቦን ዳይኦክሳይድ አየሯ ነው። የገባውን ሙቀት በቀላሉ አያስወጣም።

ርቀቱ ታሪኩን አስጀምሮት ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ውሃዋ ከተነነ በኋላ ግን ነገሩን የያዘው አየሯ ነው። ምድርም ብትሆን ከባቢ አየሯ ሙቀት ባይዝላት አማካይ ሙቀቷ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ይሆን ነበር። አሁን ከዜሮ በላይ 15 ገደማ ነው። ይህ የ33 ዲግሪ ልዩነት በርቀት አይለካም።

አንድ አባል፦ በአጭሩ ሌላ ቦታ ሕይወት አለ ወይስ የለም?

አልተገኘም። ቀጥሎ።

አባል፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ኢትዮጵያ ስም ያወጣችላት አቦል ቀጠናው ውስጥ ናት ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ለማያውቁ፣ በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት ሰጥቶ ስም እንዲወጣላቸው አድርጓል። ለእኛ የደረሰው ኮከብ ቡና ተባለ፣ ፕላኔቷም አቦል። ከእኛ 200 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃሉ።

የፊዚክስ መምህር፣ ከጎንደር፦ እኔ አስልቼዋለሁ። ቡና ከፀሐያችን ሦስት እጥፍ ገደማ ያበራል። አቦል በአማካይ የምትርቀው ምድር ከፀሐይ የምትርቀውን ሁለት እጥፍ ነው። ሁለቱን በራሱ ሲያባዙት አራት፣ ሦስትን ለአራት ሲያካፍሉ 0.75። ምድር ከምታገኘው ብርሃን ሦስት አራተኛውን ታገኛለች ማለት ነው። ቀጠናው ውስጥ ናት!

ስሌቱ ትክክል ነው፣ አማካይ ርቀት መያዝዎ ግን አሳስቶዎታል። የአቦል ምህዋር ክብ አይደለም፣ በጣም የተለጠጠ ነው። አንዱን ዙር ለመጨረስ ወደ 1,000 ቀን ይፈጅባታል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ወደ ቡና ስትጠጋ ከምድርና ከፀሐይ ርቀት ያነሰ፣ 0.8 ገደማ ላይ ትደርሳለች። ስትርቅ 3.5 ገደማ። እስቲ የእርስዎኑ ስሌት በእነዚህ ይድገሙት። ስትቀርብ ምድር የምታገኘውን አምስት እጥፍ ገደማ ታገኛለች። ስትርቅ ሩቡን። አማካዩ ምቹ ይመስላል እንጂ በየዙሩ ቀጠናውን አቋርጣ ወዲህም ወዲያም ትወጣለች።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ክብደቷ ነው። ቢያንስ የጁፒተርን አራት እጥፍ ትሆናለች። ይህን ያህል ግዙፍ ከሆነች የጋዝ ፕላኔት ናት። ውሃ የሚጠራቀምበት መሬት የላትም። እኔም ስሟን ስሰማ ደስ ብሎኛል፣ ግን ያልሆነችውን አንበላት።

አባል፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ጨረቃዎች ቢኖሯትስ?

ይኖሯት ይሆናል። ያየ የለም።

የፊዚክስ መምህር፣ ከጎንደር፦ ምህዋሯን አላየሁም ነበር። ለተማሪዎቼ ሁለቱንም ስሌት አሳያቸዋለሁ።

አባል፣ ከሪያድ፦ እዚህ ከከተማ ወጣ ስንል በረሃው ጨለማ ነው። አነስተኛ ቴሌስኮፕ ገዝቻለሁ። ትራፒስት-1ን እና ሰባቱን ፕላኔቶች ማየት እችላለሁ?

አትችልም ወንድሜ። ኮከቡ ራሱ እጅግ ደብዛዛ ነው፣ ፕላኔቶቹን ደግሞ ትልልቆቹ ቴሌስኮፖችም ለይተው አያዩአቸውም። በዚያ ቴሌስኮፕ የሳተርንን ቀለበት እይበት።

አባል፣ ከአዲስ አበባ፦ እሱ ካነሳው ላይቀር፣ ትራፒስት-1 ላይ ሦስት ፕላኔቶች ቀጠናው ውስጥ ናቸው ተብሎ በ2017 ብዙ ተወርቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ምን ተገኘ?

ተባረኪ፣ ይሄ ነው ጥያቄ። ትንሽ ታገሱኝ።

ትራፒስት-1 ከእኛ 40 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። ቀይ ድንክ ኮከብ ነው። ክብደቱ የፀሐያችን 9 በመቶ ገደማ፣ ስፋቱ ደግሞ ከጁፒተር ብዙም አይበልጥም። ብርሃኑ እጅግ ደካማ ስለሆነ ቀጠናው ወደ ኮከቡ በጣም ይጠጋል። «ኢ» የምትባለው ፕላኔት ኮከቡን የምትዞረው በስድስት ቀን ነው። ምድር ከምታገኘው ብርሃን ሁለት ሦስተኛ ገደማ ታገኛለች። መጠኗ ከምድር ብዙ አያንስም፣ ድንጋያማም ናት። በወረቀት ላይ ሁሉም ነገር ያምራል።

ችግሩ የኮከቡ የልጅነት ጊዜ ነው። ትናንሽ ቀይ ኮከቦች ተረጋግተው የዛሬ ብርሃናቸውን እስኪይዙ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ዓመታት ይፈጅባቸዋል። እስከዚያ ድረስ ከዛሬው በጣም ደምቀው ያበራሉ። ስለዚህ ዛሬ ቀጠናው ውስጥ ያየናት «ኢ» ያኔ ከቀጠናው ወደ ውስጥ፣ በጋለው በኩል ነበረች። በዚያ ሁሉ ዘመን ውሃዋ ተንኖ፣ በአልትራቫዮሌት ጨረር ተሰንጥቆ፣ ሃይድሮጅኑ ወደ ሕዋ አምልጦ ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ እስከ ዛሬም የኮከቡ ገጽ ላይ ድንገተኛ ፍንዳታ ይነሳል፣ አየር የሚገፍ ጨረር ይረጫል። ዛሬ ቀጠናው ውስጥ መሆን የትናንቱን አይነግረንም።

አየሩ መኖር አለመኖሩ እንዴት ይታወቃል? ፕላኔቷ ከኮከቡ ጀርባ ስትገባ የሁለቱ ድምር የኢንፍራሬድ ብርሃን በጥቂቱ ይቀንሳል። የቀነሰው የፕላኔቷ የራሷ ሙቀት ነው። እነዚህ ፕላኔቶች አንድ ፊታቸውን ብቻ ለኮከቡ ሳይሰጡ አይቀሩም። አየር ካለ ነፋስ ሙቀቱን ወደ ጨለማው ፊት ይወስደዋል፣ የቀኑ ፊትም ቀዝቀዝ ይላል። አየር ከሌለ ድንጋዩ ብቻውን ይግላል።

በ2023 ጄምስ ዌብ የተባለው የሕዋ ቴሌስኮፕ «ቢ» የምትባለውን እንዲህ ለካት። የቀኑ ፊቷ 230 ዲግሪ ገደማ ሆነ። ይህ እርቃኑን ካለ ድንጋይ ጋር ይገጥማል። «ሲ» ደግሞ 107 ገደማ ወጣች፣ እንደ ቬነስ ያለ ወፍራም አየር የላትም።

ሌላ አባል፦ እንግዲያው አበቃ። ቀይ ድንክ ኮከብ ጋር ሕይወት የለም ማለት ነው።

ቸኮልክ። «ቢ» እና «ሲ» ቀጠናው ውስጥ አይደሉም፣ ወደ ኮከቡ የቀረቡ ናቸው። የነሱ አየር ቢገፈፍ የ«ኢ»ም ተገፏል ማለት አይደለም። ደግሜ እላለሁ፣ ቀጠናው ርቀት ነው። አለ ለማለት እንደማይበቃ ሁሉ የለም ለማለትም አይበቃም።

ተማሪ፣ ከሐዋሳ፦ ቀጠናው ውስጥ ከሆነች ግን ውሃ አላት አይደል?

የመጀመሪያውን መልስ አንብቢ እህቴ። «ብትኖር» የሚለውን።

አባል፣ ከቴል አቪቭ፦ እኔ ቀጠናው ራሱ ቢቀር ይሻላል ባይ ነኝ። የሳተርን ጨረቃ ኤንሴላደስ ከቀጠናው እጅግ ርቃ ከበረዶዋ ሥር ባሕር አላት። ካሲኒ የተባለው መንኮራኩር ከእሷ በሚፈናጠረው ውሃ ውስጥ አልፏል። የጁፒተር ዩሮፓም እንደዚያው። ታዲያ ቀጠናው ምን ይሠራል?

የፊዚክስ መምህር፣ ከጎንደር፦ ካሲኒ ሳተርን ድረስ ሄዶ ነው ያየው። 40 የብርሃን ዓመት ማን ይሄዳል? የሩቅ ፕላኔት ከበረዶ ሥር ያለውን ባሕሯን አታሳይም።

መምህር ያሉት ነው የኔም መልስ። ቀጠናው የቴሌስኮፕ ሰዓት የት ላይ እንደሚውል ለመምረጥ ይረዳል። ከሩቅ ልናየው የምንችለው የገጹን ውሃና አየሩን ነውና። ጠቃሚ መነሻ ነው። እንደ ማስረጃ ሲቆጠር ነው የምቃወመው።

አባል፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ኬ2-18ቢ የምትባለው ፕላኔት ላይ የሕይወት ምልክት ተገኘ የተባለውስ?

በ2025 ተባለ፣ ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ መረጃ ሲመረምሩ ምልክቱ አልጸና አላቸው። እኔም አልተቀበልኩትም። ራሱን የቻለ ሌላ ምሽት ይፈልጋል።

አባል፣ ከአዲስ አበባ፦ ወደ «ኢ» ልመልስዎት። እሷስ ታይታለች?

ታይታለች። ቀዝቃዛ ስለሆነች ሙቀቷን መለካት ይከብዳል። ስለዚህ በኮከቡ ፊት ስታልፍ በጠርዟ የሚሾልከውን ብርሃን ነው የሚያዩት። በ2025 የወጣው ውጤት በአራት እንዲህ ያሉ ማለፎች ላይ የተመሠረተ ነበር። ጥንት የያዘችው የሃይድሮጅን አየር ዛሬ እንደሌላት ያሳያል። ከዚያ የከበደ አየር ይኑራት ወይስ እርቃኗን ትሁን አልለየም።

ያስቸገረው ኮከቡ ነው። ፊቱ ላይ ጨለማ ነጥቦች አሉ። ነጥቦቹ የሚያሳዩት ምልክት ከፕላኔቷ አየር ምልክት ጋር ይምታታል። መፍትሔ ተብሎ የተያዘው «ቢ»ን እንደ መለኪያ መጠቀም ነው። አየር ከሌላት በእሷ ማለፍ ወቅት የሚታየው ምልክት ሁሉ የኮከቡ ነው። «ኢ» በጥቂት ሰዓት ልዩነት ስታልፍ ያንን ቀንሶ የቀረውን ማየት ይቻላል።

ሌላ አባል፦ «ቢ» ስስ አየር ቢኖራትስ? ያኔ መለኪያው ራሱ ይሳሳታል።

ልክ ነህ። በዚህ ላይ ገና እየተከራከሩ ነው።