ከፍላሽና ከስልክ ወደ ቴሌቪዥን፦ የቤተሰብ ፎቶ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እህቴ ከአሜሪካ 212 ፎቶ በፍላሽ ይዛልን መጣች። ቴሌቪዥኑ 140ውን ብቻ ያሳያል፤ የቀረው ግራጫ ሳጥን ነው። ፍላሹ ተበላሽቶ ይሆን?

ሌላ አንባቢ፦ ፎርማት አድርጊው፤ የእኔም የተስተካከለው እንደዚያ ነው።

መልስ፦ ኧረ እንዳትነኪው፤ ፎርማት ስታደርጊው ያለው ሁሉ ይጠፋል። ወንድማችን ያለው የሚሠራው ቴሌቪዥኑ ፍላሹን ጨርሶ ሳያውቀው ሲቀር ነው። የአንቺ 140 ፎቶ ካሳየ ፍላሹ ተነቧል። ኮምፒውተር ላይ ክፈቺውና የግራጫዎቹ ስም በምን እንደሚያልቅ እዪ። .HEIC ከሆነ ብዙ ጊዜ በአይፎን የተነሡ ናቸው፤ ብዙ ቴሌቪዥኖች ይህን አይከፍቱም። መጀመሪያ አንዱን ብቻ ወደ JPEG ቀይረሽ ሞክሪ፤ ከታየ የቀሩትን ቀይሪ። እህትሽም ስልኳ ላይ Settings፣ Camera፣ Formats ገብታ Most Compatible ብትመርጥ ከእንግዲህ የምታነሣው በJPEG ይቀመጣል። የድሮዎቹን ግን አይለውጥም።

ጥያቄ፦ የልጄን ሰርግ ፎቶ በስላይድሾው ሳሳይ ኬክ ቆረጣው ከቤተ ክርስቲያኑ ቀድሞ ይመጣል። በቴሌግራም ነው የላኩልኝ።

መልስ፦ እናቴ፣ በቴሌግራም ሲያልፍ ፎቶው የተነሣበት ቀን ብዙ ጊዜ ይጠፋና ስልክዎ ላይ የገባበት ቀን ይቀራል። ቴሌቪዥኑ የሚደረድረው በዚያ ወይም በስሙ ነው። ስለዚህ ልጆቹ ኮምፒውተር ላይ ስሙን 001፣ 002፣ 003 እያሉ ይቀይሩልዎ። ዜሮዎቹን አይዝለሉ፤ 1፣ 2 ብቻ ከተባለ አንዳንዱ ቴሌቪዥን 10ን ከ2 ያስቀድማል። ሌላ ጊዜ ደግሞ «እንደ ፋይል ላኩልኝ» ይበሏቸው። እንደ ፎቶ ሲላክ መጠኑ ይቀነሳል፤ ስልክ ላይ አያስታውቅም፣ በ55 ኢንች ላይ ግን ፊት ይደበዝዛል።

ጥያቄ፦ እኔ ያለኝ ስማርት ቲቪ አይደለም፣ የዲሽ ሪሲቨር ነው። ከስልኬ እንዴት ልላክ?

መልስ፦ ከስልክ መላኩን ተወው። ሪሲቨርህ የፍላሽ ቀዳዳ ካለው ግን ሜኑው ውስጥ ፎቶ የሚከፍት ቦታ ፈልግ።

ጥያቄ፦ አርት ሞድ ያለው ቴሌቪዥን ገዛሁ። ለአባቴ ሙት ዓመት ፎቶውን ሳሎን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ልተወው?

መልስ፦ ነፍስ ይማር። ቴሌቪዥኑ ኦሌድ ከሆነ አንድ ፎቶ ብቻ ለረጅም ሰዓት አትተው፤ በየቀኑ ከተደጋገመ የምስሉ ጥላ ስክሪኑ ላይ ሊቀር ይችላል። አምስት ስድስት ፎቶ መርጠህ እንዲቀያየሩ አድርግ፣ ብርሃኑንም ቀንስ። የቁም ፎቶ ከሆነ ግራና ቀኙ ባዶ ይቀራል። ሙሉ ስክሪን እንዲሞላ አጉላ ከሚለው ምርጫ ተጠንቀቅ፤ ግንባርና አገጭ ይቆርጣል። እኔ ብሆን ባዶውን ሙሉ በሙሉ በማት፣ ማለትም በፍሬም ዳር ወረቀት መሰል ቀለም፣ እሸፍነዋለሁ፤ የድሮ የግድግዳ ፎቶ ይመስላል።

የመጀመሪያዋ ጠያቂ፦ ቀየርኳቸው፣ 69ኙ ተከፈቱ! ሦስቱ ግን አሁንም ግራጫ ናቸው።

መልስ፦ የሦስቱ ስም በምን ያልቃል? ስልኩ ላይስ ሲነኩ ይንቀሳቀሳሉ?