ቼኩ ለምን አነሰ?

የእህቴ ልጅ በ2024 ጃንዋሪ ላይ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ በሰዓት 20 ዶላር ሥራ ያዘ። የመጀመሪያው ሙሉ ቼክ የገባ ዕለት ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ተበላሁ!» አለ። 1,600 ጠብቆ 1,300 ገደማ ነው የገባለት።

ማንም አልበላውም። ፔይ ስተቡን ፎቶ አንስቶ ላከልኝና አብረን አየነው። በሁለት ሳምንት 80 ሰዓት ሠርቷል፤ ስለዚህ ጠቅላላው፣ ማለትም ግሮሱ፣ 1,600 ነው። ከዚያ ላይ ለሶሻል ሴኩሪቲ 6.2 በመቶ፣ 99 ዶላር ከ20 ሳንቲም ሄዷል። ለሜዲኬር 1.45 በመቶ፣ 23 ዶላር ከ20። እነዚህ ሁለቱ ከመጀመሪያዋ ዶላር ጀምረው ይቆረጣሉ፤ ደመወዜ ትንሽ ነው ብሎ ማምለጥ የለም። የፌዴራል ግብር 116 ዶላር ገደማ ወሰደ፣ የቨርጂኒያ ደግሞ ወደ 61። ቀሪው 1,300 ነው።

የሚያደናግረው መቁረጡ ብቻ አይደለም። አገር ቤትም ግብርና 7 በመቶ ጡረታ ይቆረጥ ነበር። ግን እዚያ ደመወዝ የሚወራው በወር ነው። እዚህ ሲቀጥሩህ የሚነግሩህ በሰዓት ወይም በዓመት ነው፤ የሱ በዓመት 41,600 ይመጣል። ልጁ ይህን ለ12 አካፍሎ በወር 3,467 ዶላር አለኝ ብሎ አሰበ። ቤት አከራዩም ማመልከቻውን ያየው በግሮሱ ነውና ምንም አላለም። ኪራዩ የሚከፈለው ግን እጅ ከገባው፣ ከሁለት ቼክ፣ ከ2,600 ነው። በዓመት 26 ቼክ ስላለ ሦስት ቼክ የሚገባባቸው ሁለት ወሮች አሉ። በጀት ስታወጡ እነሱን አትቁጠሯቸው።

ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ ሌላ ስልክ። ቼኩ እንደገና ወርዷል። የጤና ኢንሹራንሱ አዲስ ሠራተኛ የሚጠብቀውን ጊዜ ጨርሶ ጀምሯል፣ በየቼኩ 90 ዶላር። መሥሪያ ቤቱ ሳይጠይቀው ፎር ኦ ዋን ኬይ የሚባለው የጡረታ ቁጠባ ውስጥም አስገብቶታል፣ 3 በመቶ፣ ማለትም 48 ዶላር። በድምሩ 138 ነው። ቼኩ የቀነሰው ግን በ107 ዶላር ገደማ ብቻ ነው። ሁለቱም የሚነሱት የገቢ ግብሩ ከመሰላቱ በፊት ስለሆነ ግብሩም አብሮ ቀነሰ። ኢንሹራንሱ እንዲያውም ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬሩንም ይቀንሳል፤ የጡረታው ቁጠባ ግን እነዚያን አይነካም። ልጁ ጡረታውን ሊያስቆም ነበር። መጀመሪያ ቀጣሪህ ምን ያህል ይጨምርልሃል ብለህ ጠይቅ አልኩት። ጠየቀ፣ ማስቆሙን ተወው።

እስካሁን ያወራነው ስለ ቼክ ማነስ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ቼክ ሲበዛ ነው። አብዛኞቻችን ሁለት ሥራ እንሠራለን። እሱም ማታ ማታ በዚያው ክፍያ በሳምንት 20 ሰዓት የሚሠራበት ሁለተኛ ሥራ ነበረው። እዚያ ከሁለት ሳምንቱ 800 ዶላር ላይ ለፌዴራል የሚቆረጥበት 24 ዶላር ብቻ ነበር። «ይሄኛው መሥሪያ ቤት ጥሩ ነው» ይለኝ ነበር። ጥሩ ሆኖ አይደለም፤ ስለ ሌላው ሥራ ስላላወቀ ነው። በ2024 ላላገባ ሰው የመጀመሪያው 14,600 ዶላር ከፌዴራል ግብር ነጻ ነው፣ በዓመት አንድ ጊዜ። ሁለቱም ቀጣሪዎች ግን ይህን ነጻ ገንዘብ እያንዳንዳቸው ሙሉውን ሰጡት። ስለዚህ ሁለተኛው ከ20,800 ዶላር የዓመት ክፍያ ላይ 620 ብቻ ቆረጠ። ነጻው ገንዘብ በዋናው ሥራ አልቋልና መቆረጥ የነበረበት 12 በመቶ፣ ወደ 2,500 ነበር። የጎደለው ወደ 1,900 ዶላር ነው። የስቴቱ ጉድለት ደግሞ ለብቻው።

አገር ቤት የአንድ መሥሪያ ቤት ደመወዝተኛ ቀጣሪው ከቆረጠ በቃ፣ አለቀ። እዚህ ግን የሚቆረጠው ቅድሚያ ክፍያ ነው። ትክክለኛው ሂሳብ የሚሠራው በዓመቱ መጨረሻ ነው፣ ዕዳ ካለ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ይከፈላል።

መፍትሔው ያለው ሥራ ስንጀምር አንብበን ሳንጨርስ የምንፈርመው ደብሊው ፎር ቅጽ ላይ ነው። ሁለተኛው ደረጃ ስለ ተጨማሪ ሥራ ይጠይቃል። የሁለቱ ሥራ ክፍያ ተቀራራቢ ከሆነ እዚያ ያለችውን ሳጥን በሁለቱም ቅጾች ላይ ምልክት ማድረግ ነው። እንደ እሱ አንዱ የሌላው ግማሽ ከሆነ ግን ሳጥኗ ከሚገባው በላይ ታስቆርጣለች። ለሱ የሚሻለው አራተኛው ደረጃ ላይ፣ ተጨማሪ ይቆረጥልኝ በሚለው መስመር መጻፍ ነው። 1,900ን ለ26 ስናካፍል 73 ዶላር መጣ። ቅጹን በማንኛውም ጊዜ መቀየር ይቻላል፤ በኤፕሪል ዕዳውን ከፍሎ በማግስቱ ኤች አር ቢሮ ሄደና 73 ብሎ ጻፈ። አሁን ያ «ጥሩ» መሥሪያ ቤት ቆራጭ ሆኗል ብሎ ያማርራል።